የጀማሪን የእንግሊዝኛ ግራመር ደብተር ማረም፦ አንድ ገጽ ከነማብራሪያው

እንግሊዝኛ ጀማሪ የጻፈውን ገጽ ማረም ቀላል ይመስላል። የተሳሳተውን ትሰርዛላችሁ፣ ትክክለኛውን ከላይ ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ችግሩ ልጁ በሳምንቱ ያንኑ ስህተት ይዞ መምጣቱ ነው። የሰረዛችሁለት ቃል ለምን እንደተሰረዘ አላወቀም። ቀይ ቀለም ብቻ ነው ያየው።

የጀማሪ ስህተት አብዛኛው ከግድየለሽነት የሚመጣ አይደለም። ልጁ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ትክክለኛ አማርኛ በእንግሊዝኛ ቃላት አስቀመጠው። «ሦስት ወንድም አለኝ» ማለት አማርኛችን ላይ ምንም ነውር የለበትም። እንግሊዝኛው ላይ ግን አንድ ፊደል ይጎድለዋል። ስለዚህ ስታርሙ መጀመሪያ ፈልጉ የምላችሁ ከስህተቱ ጀርባ የተደበቀውን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ነው። እሱ ከተገኘ ማብራሪያው ግማሽ መንገድ ሄደ።

ይህ መመሪያ ለመምህራን ብቻ አይደለም። ማታ ማታ የታናሽ እህቱን የቤት ሥራ ለሚያይ ወንድም፣ የጎረቤት ልጆችን ለሚያስጠና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ «እስቲ እዩልኝ» ተብሎ ደብተር ለሚሰጠው ሁሉ ነው። አንድ ገጽ ይዘን ከላይ እስከ ታች እናርማለን። ገጹን ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ያዘጋጀሁት ነው። ስህተቶቹ ግን ጎንደር ውስጥ የጀማሪ ደብተር የገለጠ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው። ጸሐፊዋን 7ኛ ክፍል የምትማር፣ አባቷ አዘዞ የሚሠራ ልጅ አድርጋችሁ አስቧት። የቤት ሥራው «ስለ ራስሽና ስለ ቤተሰብሽ ጻፊ» የሚል ነው።

```
1. i am live in gondar.
2. My father work in Azezo.
3. I have three brother.
4. My grandmother are very old. They like coffee.
5. In Gondar has a big castle.
6. I go to School at 2 o'clock.
7. My sister she is student.
8. Yesterday I was go to Piassa.
```

ብዕር ከማንሳት በፊት

መጀመሪያ ገጹን ከላይ እስከ ታች ዝም ብላችሁ አንብቡ። ምንም አትጻፉ። በዚህ ንባብ የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው፤ ልጅቷ ምን ለማለት ፈልጋለች፣ የቱ ስህተትስ ይደጋገማል? ብዕር ይዞ የሚያነብ ሰው ተራ ቁጥር 1 ላይ ሦስት ነገር ሰርዞ ተራ ቁጥር 8 ሲደርስ ይደክመዋል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አንድ ዓይነት በሽታ እንዳለባቸውም ሳያስተውል ያልፋል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ቀጥሎ የእጅ ጽሑፉን ከግራመሩ ለዩ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። በእጅ የተጻፈ ገጽ ላይ ስህተት የሚመስል ግን ስህተት ያልሆነ ነገር አለ። የቃል መጨረሻ ላይ ያለች ኤስ ብዙ ጊዜ ትንሽ ጭረት ሆና ትቀራለች። ያልተዘጋ ኤ ፊደል ዩ ይመስላል። አጭር ኤን ከአር አይለይም። በተለይ የኤሷ ጉዳይ ከባድ ነው። ኋላ እንደምናየው የጀማሪ ግራመር ግማሹ የሚንጠለጠለው በዚችው ፊደል ላይ ነው። ጭረቷ ኤስ ትሁን የብዕር መንሸራተት ካልታወቀ ግምት አትውሰዱ። «ነይ እስቲ፣ ይህችን አንብቢልኝ» በሏት። «ወርክስ» ብላ ካነበበች ፊደሉን አስተካክላ ትጻፈው፣ ስህተት ተብሎ አይቆጠር። «ወርክ» ብላ ካነበበች ግን ያኔ የግራመር ጉዳይ ነው።

ትልቁና ትንሹ ኤቢሲዲም ሌላ ጣጣ ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። «ጎንደር» የሚለው ቃል መጀመሪያም ላይ ይሁን መሀል፣ ጎ ያው ጎ ነው። ስለዚህ ትልቁን ፊደል መርሳት የማንኛውም ጀማሪ ዕዳ ነው። እዚህ ገጽ ላይ ተራ ቁጥር 1 ሁለት ቦታ ረስታለች። «እኔ» የሚለው አይ ሁልጊዜ ትልቅ ነው፤ የከተማ ስምም በትልቁ ይጀምራል። ተራ ቁጥር 6 ላይ ደግሞ በተቃራኒው «ስኩል» በትልቁ ተጽፏል። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሲ፣ ኦ፣ ኤስ፣ ቪ፣ ደብልዩ፣ ኤክስ፣ ዜድ የሚባሉት ፊደሎች ትልቁም ትንሹም ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በቁመት ብቻ ነው። በእጅ ሲጻፍ ልጅቷ ትልቅ ልታደርገው አስባ ይሁን እጇ አምልጧት፣ ቅርጹ አይነግራችሁም። አጠገቡ ካሉት ፊደላት ጋር ቁመቱን አስተያዩ። ኤሷ እዚያው ቃል ውስጥ ካለው ኤች ጋር እኩል ከቆመች ትልቅ ናት። ከኤች ዝቅ ካለች እጅ ነው፣ እለፉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ፒያሳን በእንግሊዝኛ ፊደል ሰው በተለያየ መንገድ ይጽፈዋል። ጎንደርንም እንደዚያው። የቦታ ስም አጻጻፍ ላይ ኤክስ አታድርጉ። ጀማሪ ላይ የማያስፈልግ ጭንቀት ነው።

ምልክት ማድረግ

አሁን ብዕር አንሱ። ቀለሙ ከልጅቷ ጽሑፍ ይለይ እንጂ ቀይ መሆን የለበትም። አረንጓዴ ካለ ጥሩ፣ እርሳስም ይበቃል። የጻፈችው ላይ አትጻፉ፤ አትሰርዙም። ከሥሩ አስምሩና የደብተሩ ዳር ላይ አንድ የአማርኛ ፊደል አስቀምጡ። እኔ የምጠቀመው እንዲህ ነው። «ት» ማለት ትልቅ ወይም ትንሽ ፊደል ተሳስቷል። «ግ» ግሱን እይው። «ብ» ብዛት፣ አንድ ወይስ ብዙ? «ጎ» ቃል ጎድሏል። «ተ» ቃል ተርፏል። የጥያቄ ምልክት ደግሞ ምን ለማለት እንደፈለግሽ አልገባኝም። ስድስት ናቸው፣ ከዚህ አታብዙ። ልጅቷ ምልክቱን ለማስታወስ ከታገለች ግራመሩን አታስብም።

ለቀጣዩ የቤት ሥራ አንድ መስመር እየዘለለች እንድትጽፍ ንገሯት። ባዶው መስመር እርማቱን ራሷ የምትጽፍበት ነው።

ምልክቱን ካደረጋችሁ በኋላ ወዲያው አታብራሩ። ደብተሩን መልሱላትና «እስቲ መጀመሪያ አንቺ ሞክሪ» በሉ። እዚህ ጋ ስህተቶቹ ለሁለት ይከፈላሉ። ማስመሩን ስታይ «ውይ!» ብላ የምታስተካክለው አንዱ ነው። ሕጉን ታውቃለች፣ ስትጽፍ አመለጣት። ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት ጊዜ መግደል ነው። ሁለተኛው ስታየው ስታየው የምትቆይበት፣ ወይም አስተካከልኩ ብላ ሌላ ስህተት የምትጽፍበት ነው። የእናንተ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። በዚህ ገጽ ላይ ትልቁን ፊደል በራሷ ታስተካክለዋለች ብለን እንውሰድ። ሌላውን አብረን እንሂድበት።

ተራ ቁጥር 1 እና 8፦ የተረፈው «ነኝ»

«አይ አም ሊቭ» እና «አይ ዎዝ ጎ» ሁለት የተለያየ ስህተት ይመስላሉ። አንዱ የአሁን ጊዜ ነው፣ ሌላው ያለፈ። ሥር መሠረታቸው ግን አንድ ነው። ልጅቷ እንግሊዝኛ ስትጀምር መጀመሪያ የተማረችው «አይ አም ኤ ስቱደንት» ነበር። ስለዚህ «አይ» ካለች እጇ በራሱ «አም» ይጨምራል። ያለፈውም ላይ «ሄጄ ነበር» ብላ አስባ ሊሆን ይችላል፤ «ነበር»ን «ዎዝ» አደረገችው፣ «ሄጄ»ን «ጎ»።

ማብራሪያው ይህን ያህል ይጠር፦ «አም ማለት ነኝ ማለት ነው። ሊቭ ብቻውን እኖራለሁ ማለት ነው። አንቺ የጻፍሽው እኖራለሁ ነኝ ይላል።» ልጅቷ ትስቃለች። ስትስቅ ገብቷታል። ከዚያ ራሷ ትጻፈው።

```
I live in Gondar.
Yesterday I went to Piassa.
```

ሁለተኛው ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ «ጎ» ሲያልፍ «ዌንት» ይሆናል። ይህ የሚብራራ ሳይሆን የሚሸመደድ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለመተንተን አትሞክሩ። «ይኼኛው እንዲሁ ይያዛል» ብሎ ማለፍ ነውር የለውም።

የ«ነኝ» መፈተኛ ጥሩ ነው፤ ግን የማይሠራበት ቦታ አለ፣ ልታውቁት ይገባል። «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ደስ ብሎኛል» ላይ አማርኛው «ነኝ» የለውም፤ እንግሊዝኛው ግን «አም» ይፈልጋል። መፈተኛውን ተምራ ስትጨርስ «አይ ሃንግሪ» ብላ ልትጽፍላችሁ ትችላለች። ከመጣ እንዳትደነግጡ፣ እንዳትቆጡም። የሰጣችኋትን ሕግ በትክክል ተጠቅማለች። ያኔ «እንግሊዝኛ ላይ ረሃብና ድካም የሚሠራ ሥራ አይደለም፣ የምትሆኚው ነገር ነው፤ ስለዚህ አም ይፈልጋል» በሉ። ካልመጣ ግን አስቀድማችሁ አታንሱት። «አም» ከአይ ኤን ጂ ጋር ሲመጣ ትክክል መሆኑንም ዛሬ አትንገሯት። አንድ ገጽ አንድ ነገር ይበቃዋል።

ተራ ቁጥር 2 እና 3፦ አስቸጋሪዋ ኤስ

ከዚህ ገጽ ሁሉ ብዙ ጊዜ የምትወስደው ይህች ናት። እንዲሁ ቸኩላችሁ ብታልፏት ለዓመታት ትከተላችኋለች።

ተራ ቁጥር 3 ይቀላል። በአማርኛ ቁጥሩ ራሱ ብዛቱን ስለሚናገር «ሦስት ወንድም» ይበቃል። እንግሊዝኛ አይበቃውም፤ ቁጥር ቢኖርም ስሙ ላይ ኤስ ይፈልጋል። «ስንት ናቸው? ከአንድ በላይ ከሆኑ ኤስ ጨምሪ።» ይኸው ነው። ልጆች፣ ሰዎች የሚሉት ቃላት በሌላ መንገድ እንደሚበዙ አሁን አታንሱ። ሲመጡ ይነገራሉ።

ተራ ቁጥር 2 ላይ «ሰርድ ፐርሰን ሲንጉላር ፕረዘንት» የሚለውን ቃል እንዳታወጡ። ትምህርት ቤት ሰምታው ይሆናል፤ ደብተሯ ግን እንዳልረዳት ይነግራችኋል። በአማርኛ ጀምሩ። እሠራለሁ፣ ትሠራለህ፣ ትሠራለች፣ ይሠራል፣ እንሠራለን፣ ይሠራሉ፤ በእኛ ቋንቋ ግሱ ለእያንዳንዱ ሰው ይለዋወጣል። እንግሊዝኛ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚለወጠው። አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር፣ እኔም አንቺም ያልሆነ፣ ሲሠራ ኤስ ይጨመራል። ለሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆያል። «አባቴን በእሱ መተካት ትችያለሽ? ከቻልሽ ግሱ ኤስ ይፈልጋል።»

አሁን ልብ በሉ። በአንድ ገጽ ላይ «ኤስ ማለት ብዙ» አልናት፤ ቀጥሎ «ኤስ ማለት አንድ» ልንላት ነው። ልጅቷ ግራ ብትጋባ አይፈረድባትም። ሁለቱን ለየብቻ ማስተማር ለጊዜው ይቀላል፣ ግን ሲገናኙ ይጋጫሉ። ስለዚህ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፦

```
My brother works in Azezo.
My brothers work in Azezo.
```

«ኤሷን ፈልጊያት» በሉ። በላይኛው ግሱ ላይ ናት። በታችኛው ስሙ ላይ ናት። በአንድ ጊዜ ሁለቱም ላይ አትገኝም፣ ከሁለቱም ላይ አትጠፋም። ስም ላይ ካለች ብዙ ሰው ነው፣ ግስ ላይ ካለች አንድ ሰው ነው። ጣቷን በፊደሏ ላይ አስቀምጣ ስታየው ከየትኛውም ማብራሪያ ይልቅ ይገባታል። ይህ ሁልጊዜ አይሠራም፤ «ባስ» ብቸኛ ሆኖም በኤስ ያልቃል፣ «ቺልድረን» ብዙ ሆኖም ኤስ የለውም። ለዚህ ደረጃ ግን በቂ ነው።

ማብራሪያው ተዛብቶ እንደገባ የምታውቁበት ምልክት አለ። ኤስ ያልነበረበት ቦታ ሁሉ ኤስ መታየት ይጀምራል። «አይ ወርክስ»፣ «ማይ ብራዘርስ ወርክስ»፣ «ሂ ካንስ»። ይህ መባባስ አይደለም። ሕጉን ይዛለች፣ ድንበሩን ገና አላወቀችም። ተመልሳችሁ ሁለቱን መስመር ጎን ለጎን አሳዩ እንጂ አዲስ ሕግ አትጨምሩ።

ተራ ቁጥር 4፦ አንቱታ

ይህን ስህተት እንግሊዛዊ መምህር አይቶ ምክንያቱን ላያገኘው ይችላል። የጎንደር ሰው ግን ወዲያው ያውቀዋል። አያት በአንቱታ ነው የሚጠሩት። «አያቴ አርጅተዋል፣ ቡና ይወዳሉ።» ግሱ የብዙ ነው፣ ሰውየዋ ግን አንዲት። ልጅቷ በአክብሮት «አር» ብላ ጻፈች። አስተዳደጓ ነው።

አሁን ወጥመዱን እዩ። በዚህ ተራ ቁጥር ሁለት ዓረፍተ ነገር አለ። የመጀመሪያው ስህተቱ በግልጽ ይታያል። ሁለተኛው፣ «ዜይ ላይክ ኮፊ»፣ ለብቻው ሲነበብ ምንም እንከን የለበትም። ብዙ አራሚ ራይት አድርጎ ያልፈዋል። ግን «ዜይ» ማን ናቸው? አያቷ ናቸው፤ አንዲት ሴት። በእንግሊዝኛ አንባቢው ሌሎች ሰዎች መጡ ብሎ ያስባል። ዓረፍተ ነገርን ለየብቻ ማረም እንዲህ ያለውን ያሳልፋል። ሁልጊዜ ከፊቱ ካለው ጋር አያይዛችሁ አንብቡ።

ማብራሪያ፦ «እንግሊዝኛ ግሱ ላይ አንቱ የለውም። ሰዉን ቁጠሪ። አያትሽ ስንት ናቸው? አንድ። ስለዚህ ኢዝ፣ ስለዚህ ሺ።» እዚህ ጋ ልጆች «ነውር አይሆንም?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አያታቸውን በ«ሺ» እንደሚጠሩ፣ አክብሮቱን በሌላ መንገድ፣ በድምፅና በ«ፕሊዝ» እንደሚያሳዩ ንገሯት።

```
My grandmother is very old. She likes coffee.
```

«ላይክስ» ላይ ያለችውን ኤስ ራሷ ካስገባች ተራ ቁጥር 2 ገብቷታል ማለት ነው። ካላስገባች አትንገሯት። ማስመር ብቻ፣ ዳር ላይ «ግ»።

ተራ ቁጥር 5፦ «አለ» እና «አለው»

«ጎንደር ውስጥ ትልቅ ቤተ መንግሥት አለ።» «ጎንደር ትልቅ ቤተ መንግሥት አላት።» በአማርኛ ሁለቱም «አለ» ከሚለው ይወጣሉ። እንግሊዝኛ ለሁለቱ የተለያየ መንገድ አለው። ልጅቷ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አስባ የሁለተኛውን ግስ ተጠቀመች።

ለመለየት «ማን አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሃዝ» ከፊቱ ባለቤት ይፈልጋል። «ኢን ጎንደር» ቦታ ነው፣ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ ሁለት መውጫ አላት፦

```
Gondar has a big castle.
There is a big castle in Gondar.
```

ሁለቱም ትክክል ናቸው። ትምህርት ቤቱ ከሰጠው የመልስ ወረቀት ላይ አንዱ ብቻ ቢኖርም ሌላውን ኤክስ አታድርጉ። ከመልስ ወረቀት ጋር እያስተያዩ ማረም ከሚያመጣቸው ጥፋቶች ዋናው ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር ማበላሸት ነው። በነገራችን ላይ ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለው ቤተ መንግሥት አንድ ብቻ አይደለም። ያ ግን የታሪክ እርማት ነው፤ በአፍ ንገሯት፣ ደብተሩ ላይ አይግባ።

ተራ ቁጥር 6፦ ግራመሩ ትክክል፣ ሰዓቱ ግን?

ከትልቁ ፊደል በስተቀር እዚህ የሚታረም ግራመር የለም። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ማለቷ ከሆነ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር 8 ነው። የጻፈችውን የውጭ ሰው ቢያነበው ከሰዓት በኋላ ትሄዳለች ብሎ ይረዳል፤ በእኛ 8 ሰዓት ማለት ነው። ዳር ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉና ጠይቋት። ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ለልጅ ከባድ አይደለም፤ ሰዓቱ ከ6 በታች ከሆነ ደምሪ፣ ከ6 በላይ ከሆነ ቀንሺ፣ 6 ራሱ 12 ነው። ማርክ ግን አትቀንሱባት። ዓረፍተ ነገሩ ያለ ስህተት ነው የተሠራው።

ተራ ቁጥር 7፦ አንድ የተረፈ፣ አንድ የጎደለ

«እህቴ ተማሪ ነች።» በአማርኛ «ነች» የሚለው «እሷ»ን በውስጡ ይዟል። «ኢዝ» ግን ማን እንደሆነ አይናገርም። ልጅቷ የጎደለ መሰላትና «ሺ» ጨመረች። ማብራሪያው፦ «እህትሽን አንዴ ጠርተሻታል። ሁለተኛ አትጥሪያት።» ወይ «ማይ ሲስተር»፣ ወይ «ሺ»። ዳር ላይ «ተ»።

«ጎ» ደግሞ ከ«ስቱደንት» ፊት የምትገባው ኤ ፊደል ናት። በአማርኛ «ተማሪ ነች» እንላለን እንጂ «አንድ ተማሪ ነች» አንልም፤ ስለዚህ ልጆች ይህችን ፊደል ይረሷታል። ለጀማሪ ይህን ብቻ ስጡ፦ አንድ ሰው ምን እንደሆነ ስትናገሪ፣ ሥራውን ወይም ማንነቱን በስም ስትጠሪ፣ ኤ አስቀድሚ። ሐኪም፣ መምህር፣ ተማሪ፣ ሹፌር። «ኤ» መቼ «ኤን» ይሆናል፣ «ዘ» መቼ ይገባል የሚለውን ዛሬ ከከፈታችሁ ማታው አይበቃችሁም። እውነቱን ለመናገር «ኤ» እና «ዘ» ለአማርኛ ተናጋሪ ለረጅም ጊዜ የሚቀጥል ጣጣ ናቸው። አንድ ገጽ ላይ አይፈቱም።

```
My sister is a student.
```

ከእርማቱ በኋላ

ማብራራት አልቋል፤ ገብቷታል ወይ የሚለው ገና ነው። «ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ልጅ ለትልቅ ሰው «አልገባኝም» አይልም፣ በተለይ ሰዓቱ መሽቶ እራት ከቀረበ። አዲስ ዓረፍተ ነገር አስጽፏት። ያረማችሁትን ዓረፍተ ነገር መድገም መገልበጥ ነው፤ አዲስ ይሁን። ለተራ ቁጥር 2 «እናቴ ገበያ ትሄዳለች» በሏት። ለተራ ቁጥር 1 «አንብቤያለሁ» አይደለም፣ «እንግሊዝኛ እማራለሁ» ይሁን፤ ቀላል የአሁን ጊዜ ነው የምትፈትኑት። ለተራ ቁጥር 4 «አያቴ ቤት ናቸው»። አማርኛውን እናንተ ትናገራላችሁ፣ እንግሊዝኛውን እሷ ትጽፋለች። ስህተቱ የሚመጣው ከአማርኛው ስለሆነ ፈተናውም ከአማርኛ መጀመር አለበት። ባዶ ቦታ ሙሉ የሚለው ዓይነት ጥያቄ እዚህ ጋ አይረዳም፤ ግማሹን ሥራ እናንተ ሠርታችሁላት «አም» የምትጨምርበት ቦታ አይኖርም።

ከዚያ ገጹን አንድ ጊዜ እዩና ስህተቶቹን በዓይነት ሰብስቡ። 1 እና 8 አንድ ናቸው። 2 እና 4 ደግሞ ሁለቱም «ሰዉ ስንት ነው?» ከሚለው ይመጣሉ። 3፣ 5 እና 7 አንድ አንዴ ነው የታዩት። የሚደጋገሙት ሁለቱ ላይ ብቻ በሳምንቱ ሥሩ። ሌላው ሲመጣ ይታያል።

የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ መሀል ለመሀል መስመር ታስምር። በግራ የጻፈችው፣ በቀኝ የሚባለው፣ ከሥሩ ደግሞ ምክንያቱ በራሷ አማርኛ። «አም ማለት ነኝ ነው» ብላ ራሷ ትጻፍ። እናንተ የጻፋችሁላትን አታነበውም። ከሦስት አራት ቀን በኋላ የቀኙን በእጃችሁ ሸፍናችሁ የግራውን አርሚ በሏት። ያስተካከለችው ላይ ቀኑን ጻፉበት። ያቃታትን ደግሞ በሌላ ዓረፍተ ነገር እንደገና አስረዷት፤ በዚያው ምሳሌ ሁለት ጊዜ ማስረዳት የሚጨምረው ድምፅን ብቻ ነው። ያቺው ስህተት ለሦስተኛ ጊዜ ከመጣች ማብራሪያውን ለውጡና ልጅቷ ራሷ ለታናሿ እንድታስረዳ አድርጉ፤ የት ጋ እንደሚያደናቅፋት ስትናገር ትሰሙታላችሁ።